በምናለ ተዝካር ያልተገኘሁበት ምክንያት

ያ ኮረብታ ስም አልነበረውም። በካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ዛፍ ስላልነበረበት «ራሰ በራው» እንለው ነበር። ውጡ የሚለው ትዕዛዝ የደረሰን ሊነጋጋ ሲል ነው። ወጣን። ጀምበር ብቅ ስትል ግማሻችን መሬት ላይ ነበርን።

ስለዚህ ኮረብታ ማውራት አልወድም። ሰሞኑን ግን መርጡለ ማርያም ላይ፣ በጓደኛዬ በአሥር አለቃ ምናለ ተዝካር ላይ ተወራ። ያወራው ሰው ኮረብታውን አልወጣም። የወጣሁት እኔ ደግሞ በቦታው አልነበርኩም። ስለዚህ የምናለ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

አባታችሁ ሲያርፍ መርዶው ደብረ ማርቆስ የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ። ተዝካሩ ላይ መገኘት የመጨረሻ ዕድሌ ነበርና ነጠላዬን አሳጥቤ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ጧፍ ገዝቼ ጠበቅሁ። በሳምንቱ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለኝ። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ ልብህ ደክሟል፣ ውኃ አቁረሃል ተባልኩና ተኛሁ። መርጡለ ማርያም ደርሼ ልመለስ ብዬ ለመንኳቸው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ መንገዱ አስቸጋሪ እንደሆነ፣ በመሀል ቢብስብኝ የሚረዳኝ እንደማይኖር በትሕትና ነገረኝ። እኔም ምናለን ተከትሎ መሞት ለቤቱ ሐዘን መጨመር ነው ብዬ ተውኩት።

እኛ አገር ሐዘን ላይ የቀረ ሰው ሰው ይልካል። ስልክ ብቻ ደውሎ ዝም ማለት እንደ ንቀት ነው የሚቆጠረው። የተላከው ሰው ቀሳውስቱ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ፣ እንግዳው ሳይበተን ይቆማል። መጀመሪያ የላኪውን ስም፣ ቀጥሎ የቀረበትን ምክንያት ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ከዚያ የማጽናኛውን ቃል፣ በመጨረሻም መቼ እንደሚመጣ ይናገራል። ምክንያቱ ካልተነገረ ቤተሰቡ በልቡ ይይዘዋል፤ የጎረቤትም አፍ አያርፍም። ሰው ሲኖር ያልተጣላውን ጓደኛውን ከሞተ በኋላ የሚጣላው በዚህ ነው።

ከከተማችን ወደዚያ የሚሄደው ሻምበል ውብሸት ብቻ ነበር። ሻምበል የሚለውን ማዕረግ ማን እንደሰጠው አላውቅም፤ እኔ ሳውቀው የስንቅ ጸሐፊ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ አገልግለናል፤ እሱ ከኮረብታው ግርጌ በቆርቆሮና በጆንያ መሀል፣ እኛ ከላይ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን በየለቅሶውና በየስብሰባው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ተናጋሪ ሆኗል። ማይክ ካየ አይቀመጥም። ይህን እያወቅሁ ጧፉን ሰጥቼ ቃሌን አስያዝኩት፦ «ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ለምናለ ነፍስ ይማር፣ እናንተንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሏል። በእግሩ መቆም ሲችል ይመጣል።» አስደገምኩት። አልተሳሳተም።

በተዝካሩ ማግስት ለእናታችሁ ለወይዘሮ እናኑ ደወልኩ። ሰላምታዬን ተቀበለች።

«ጋሼ፣ ሥራው ተሳካልዎ?» አለችኝ።

የምን ሥራ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሻምበሉ፣ እኔ አስቸኳይ ሥራ በዝቶብኝ እንደቀረሁ ለሕዝቡ ነግሯል። የኔ ነገር በዚሁ አልቆ የራሱ ንግግር ተከትሏል። በዚያ ንግግር ውስጥ ምናለ ቆስሎ ወድቋል፤ ሻምበል ውብሸት ጥይት እየዘነበ ተሸክሞት ወርዷል። እናንተም ተነሥታችሁ ጉልበቱን ስማችሁታል።

«እታለም፣ የምደውልልሽ ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነው» አልኳት። እግሬ ማበጡን፣ ትንፋሼ ማጠሩን፣ ሐኪሙ መንገድ መከልከሉን አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ ሕመሜ ሲጠይቁኝ እንኳ ብዙ አላወራም፤ ያን ቀን ግን የቀረሁበት ምክንያት ስለሆነ ምንም አላስቀረሁም። ከዚያ ቆሜ ማለት የነበረብኝን ተኝቼ አልኩት። «ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። አንቺን ያጽናሽ። ቀብሩም ተዝካሩም ላይ አልደረስኩም፤ ከወንድሜ ነው የቀረሁት፤ ያንገበግበኛል።» አለቀስኩ። ደብቄ አይደለም፤ አጠገቤ የተኛው በሽተኛ ሰምቷል።

እሷም አለቀሰች። ቆይታ «ታዲያ ታመመ ማለት ምን ነውር አለበት?» አለች።

ስለ ኮረብታው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ለእናንተም ያው ነው። ረፋዱ ላይ የቀረነውን ከላይኛው ምሽግ መትረየስ ያዘን። የመቶ መሪያችን ወደቀ። እኔ ጭኔን ተመታሁ። ምናለ ከጎኔ ነበር፤ አልቆሰለም። «ቀበቶዬን ያዝ፣ አትልቀቅ» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። እየጎተተ፣ እየተሸከመ፣ መልሶ እየጎተተ ግርጌ አደረሰኝ። እዚያ የውኃ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ውብሸት አጠገባቸው ቆሟል። ምናለ ውኃ ሲጠይቀው «ያለ አዛዡ ፊርማ አላወጣም» አለ። አዛዡ ኮረብታው ላይ ሬሳ ነበር። ምናለ በክርኑ ገፋ አድርጎት ጀሪካኑን አነሣ፣ አጠጣኝና ሌሎቹን ሊያወርድ ተመልሶ ወጣ። በዚያ ቀን በውብሸት እጅ የተነሣ ሰው የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ውብሸት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ንግግሩ ሰውን እንዴት እንዳስለቀሰ ሊያጫውተኝ ሲጀምር፣ መልእክቴን ለምን እንደለወጠ ጠየቅሁት።

«ሐዘን ቤት ገብቼ ሌላው ጓደኛውም ሊሞት ነው ልበል? ሐዘን በሐዘን ላይ ይጨመራል እንዴ?» አለኝ።

እውነት ለመናገር ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ። ክፉ ወሬ ከሐዘንተኛ መደበቅ ደግነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ግን አስታማሚ አለው፣ ይሻለዋል ማለት ይቻል ነበር። ለጓደኛው ተዝካር ሥራ የበዛበት ሰው ከመባል ሊሞት ነው መባልን እመርጣለሁ። ምናለን ተሸክሜ አወረድኩ ማለቱስ ማንን ከሐዘን ለማዳን ነው? ይህን ጠየቅሁት። ብርቱካን እየላጠ፣ ሕዝብ የሚወደውን መስማት እንዳለበት አስረዳኝ። ከጦር ሜዳ ያመጣው ቁስል የለም፤ ዛሬም ቢሆን ምንም አይሰማውም።

ወይዘሮ እናኑ እናንተን ሰብስባ እውነቱን እንደነገረቻችሁ በስልክ አስታውቃኛለች። ቂም የለንም ብላለች። እግዜር ይስጥልኝ። ሐዘኔ ግን ገና በእጄ ነው፤ ደጃችሁ መጥቼ ካላወረድኩት አይወርድም፤ ሐኪሙም እስካሁን መንገድ አልፈቀደልኝም።

ከእኛ መቶ አሥራ አንድ ሰው ራሰ በራው ላይ ቀረ። የተረፉትን በሽታና ዕድሜ አንድ በአንድ ለቀማቸው። ምናለ ሲያርፍ ኮረብታውን ከወጡት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ግርጌ ከቆሙት ደግሞ ውብሸት አለ፤ ጤነኛ ነው፣ ድምፁም አልደከመም። የኔ ተዝካር ሲደርስ ማይኩን የሚይዘው እሱ ነው። እኔም በዚያ ቀን መገኘት አልችልም።