መሐል ላይ ያለው ሳጥን

በደርግ ዘመን ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ አንድ የእርሻ ጣቢያ በተመደብኩ በዓመቱ የመጀመሪያዬን የጥናት ንድፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ጥያቄው ገበሬው ምርጥ የማሽላ ዘር እየቀረበለት ለምን አይዘራውም የሚል ነበር።

ኃላፊዬ «ከጽሑፉ በፊት ሥዕሉን አሳየኝ» አሉኝ።

በማስመሪያ ሦስት ሳጥን ሠራሁ። በግራ ነጻው ተለዋዋጭ፣ ሥልጠና። በቀኝ ጥገኛው፣ በምርጥ ዘር የተሸፈነ መሬት። መሐል ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ወደ መጨረሻው የሚያልፍበት መካከለኛ ተለዋዋጭ፤ እሱ ውስጥ «የገበሬው ኋላ ቀርነት» ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኖቹን በሚያገናኙት ሁለት ቀስቶች ላይ የመቀነስ ምልክት አደረግሁ፤ ሥልጠና ኋላ ቀርነትን ይቀንሳል፣ ኋላ ቀርነት የሚዘራውን መሬት ይቀንሳል። በጣም ኮራሁበት።

ለጥናቱ ያዘጋጀሁትን መጠይቅ ልሞክር ከመርሳ ከተማ በላይ ወዳለ መንደር ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግራር ሥር አስቀመጡኝ። ሥዕሉ ከያዝኩት ወረቀት ሁሉ ከላይ ነበር።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ?»

«የጥናቱ ሥዕል ነው አባባ።»

«መሐል ላይስ ምን ብለኻል?»

«የዝናብ ነገር ነው» አልኳቸው።

ወረቀቱን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጥረው ኖሯል። ጣታቸውን እያስኬዱ «የ… ገ… በ… ሬ… ው» አሉ፤ ቀጠሉና እስከ መጨረሻው አነበቡት።  እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ ጆሮዬ ነደደ።

«ወላሂ ሥልጠናውን ሁለት ጊዜ ሰምተነዋል» አሉኝ፤ አልተቆጡም። «ዘራችሁ ፈጥኖ ይደርሳል፣ እህሉም ደግ ነው። አገዳው ግን አጭር ነው። በሬዬ ምን ይብላ? ቤቴንስ በምን ልክደነው? ይኸን የጠየቀን የለም።»

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። «አመሰግናለሁ አባባ» ብዬ ተነሣሁ።

ጣቢያው ስመለስ ሥዕሉን ቀደድኩና አዲስ ሠራሁ። በግራ የዘሩን ባሕርይ አደረግሁ፤ የሚደርስበት ጊዜና የአገዳው ርዝመት። መሐል ላይ «ገበሬው ዘሩ ለቤቱና ለከብቱ ይጠቅማል ብሎ የሚሰጠው ግምት» ብዬ ጻፍኩ። የቀኙ ሳጥን እንዳለ ቀረ። ሥልጠናም ከዘሩ ባሕርይ ጎን ሁለተኛ ነጻ ተለዋዋጭ ሆነ፤ ቀስቱ ወደዚያው ግምት ያመራል።

ኃላፊዬ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ይሄ መካከለኛ ተለዋዋጭ ግሩም ነው! ከየት አመጣኸው?»

«አሰብኩበት» አልኳቸው።

ንድፉ ጸደቀ። በስብሰባ ላይም በስሜ ተመሰገነ፤ አንገቴን ብደፋ ሰዎች ትሕትና መሰላቸው።

ከወራት በኋላ ሽማግሌውን መርሳ ገበያ አገኘኋቸው። ቀድመው ሰላም አሉኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። «ሥራህስ ሰመረልህ?» አሉ።

«ሰመረ» አልኳቸው። በእርስዎ ቃል ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ አውቶቡስ መጣና እንደሚያመልጠው ሰው ሮጥኩ። የምሄድበት ግን አልነበረኝም።