የስታኞ ሽታ

በ2021 መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ ከኮሮና ተነሣ። ሳንባው ተሻለው፤ ማሽተት ግን አልተመለሰለትም። ምግቡን ዝም ብሎ ይበላ ስለነበር ብዙም አላሰብኩበትም።

እሱ ባሕር ማዶ በምንኖርበት ከተማ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ባሉ አፓርታማዎች የቧንቧ ጠጋኝ ነበር። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ቱቦ ሲበይድ የሚተማመነው በአፍንጫው ነበር። ፍላክስ የሚሉት ቅባት ካረረ ብየዳው አይይዝም፤ ማረር ሲጀምር ይሸተውና እሳቱን ያሸሽ ነበር።

ዌስተርቪል ባለው ቤታችን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከውኃ ማሞቂያው ቫልቭ አጠገብ አንድ ጎሚቶ፣ ማለትም የቱቦ መታጠፊያ፣ ያንጠባጥብ ነበር።

«ይሄን ከበየድኩ ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አለኝ።

ውኃውን ዘግቶ ቱቦውን አደረቀ። አሮጌውን ጎሚቶ አውጥቶ አዲስ አዘጋጀ። የመዳቡን ጫፍ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ የጎሚቶውን ውስጥ በብሩሽ ጠረገ፣ ፍላክስ ቀብቶ ገጠማቸው። ውስጡ ያለው ማሸጊያ እንዳይቀልጥ ቫልቩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ጨርቁን እየደጋገሙ ማርጠብ የኔ ሥራ ነበር።

«ቢስሚላህ» ብሎ እሳቱን ለኮሰ።

ነበልባሉን በጎሚቶው ዙሪያ ማዞር ነበረበት። ከኋላ በኩል ግን አይታየውም፤ እዚያው ቆየበት። የሚኮመጥጥ የቃጠሎ ሽታ መጣ።

«አረረ» አልኩት።

«የቱ? ምንም አይሸትም እኮ።»

ስታኞውን፣ ቀልጦ የሚያያይዘውን ሽቦ፣ አስነካው። ወደ መገጣጠሚያው አልገባም፤ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጠጋ ብሎ ሲያይ መዳቡ ጠቁሯል።

«ታዲያ ሰኞ አንቺን ከመሣሪያው ጋር ሳጥን ውስጥ ልክተትሽ?» አለና ብቻውን ሳቀ።

«እከብድሃለሁ» አልኩት።

ሲቀዘቅዝ ነቅሎ እንደገና ፈተገው፤ አዲስ ፍላክስ ቀባ። «ሲጀምር ንገሪኝ» አለኝ። ጨርቁን አርጥቤ ወደ ቱቦው ጎንበስ አልኩ። በዚህኛው ጊዜ እሳቱን ሳያቆም ከፊትም ከኋላም አዟዟረው። ይህ እርሳስ የሌለበት ስታኞ ከድሮው የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል ይለኝ ነበር፤ ስለዚህ መጠበቅ ነበረብን። ቅባቱ ጨሰ፤ ሽታው ገና ለጋ ነበር።

«አሁን።»

እሳቱን አሸሽቶ ስታኞውን ከማዶ በኩል አስነካው። እንደ ውኃ ቀለጠና የመገጣጠሚያውን ቀለበት ዞሮ ወደ ውስጥ ተሳበ። እስኪረጋ ሁለታችንም አልነካነውም። ውኃው ሲከፈት አንድም ጠብታ የለም።

«ያዘ» አልኩ።

«አዎ፣ አንቺ በየድሽው» አለ። መሣሪያውን ሳይሰበስብ ወደ ላይ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃው ደውሎ ሥራ እንደማይመለስ ነገረው። ኩሽና ሆኜ እሰማዋለሁ። ስለ አፍንጫው አልነገረውም። «አርጅቻለሁ» ነው ያለው፣ በእንግሊዝኛ። ያን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር።