ጥሬው ስድሳ፣ ቁሉ ሃምሳ

አክስቴ ኡምሀኒ አርፋ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ቡሬ ገበያ ቡና ስትቸረችር እንኳ ደንበኛው ሳይሄድ እሷ ቀድማ ትነሳለች። በጣሊያን ዘመን ባሏ ዑስማን በጣሊያኖቹ ምሽግ ቡና አፍይ ነበር። እዚያ ያለው ሹም ደግሞ፣ እግዜር ይይለት፣ ቡና በሚዛን ነው የሚጠጣ! ለአንድ ኪሎ ውሃ ስድሳ ግራም፤ በቃ።

ዑስማን ከግምጃ ቤት ስድሳውን መዝኖ ይቀበላል፤ ይቆላል፣ ይወቅጣል፣ ያፈላል። ሹሙ ቀጠነ አለው። ዑስማን ድስቱን ከድኖ ረዘም አድርጎ ቢያፈላው መረረ እንጂ አልጠነከረም። ሹሙም "ቡናዬን ትሰርቃለህ!" ብሎ አሰረው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ማምሻውን ተጭኖ ወደ ሩቅ እስር ቤት እንደሚሄድ ተሰማ።

ጎረቤቶች "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አይዞሽ" አሏት።

"እያደር ስትሉ ባሌ ሊጫን ነው እኮ!" ብላ ጮኸችባቸው።

ከምድጃው ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ምድጃው ተመላለሰች። እጇ ሥራ ሲያጣ ጥሬ ቡና በሚዛኗ ሁለት ሳህኖች እኩል አድርጋ፣ የአንዱን ቆልታ መለሰችው። የተቆላው ሽቅብ ወጣ! ወይ ጉድ! በእኛ አገር ቡና የሚመዘነው ጥሬው ነው፤ ከተቆላ በኋላ ማን ይመዝነዋል? ለካ የሹሙ ስድሳ የቁሉ፣ የተቆላው ኖሯል! ነጠላዋን ሳታጣፋ ወደ ምሽጉ ሮጠች።

አስተርጓሚው ዓለምብርሃን ከሹሙ ፊት አቀረባት። "ጥሬ ስድሳ ግራም ይመዝኑልኝ" አለች። እዚያው ቆላችው፤ ሲመዘን ሃምሳ ሆነ።

"አስሩን ማን ሰረቀው? ባሌ እንደሁ እስር ቤት ነው" አለች።

ሌላ ቆልታ፣ ከቁሉ ስድሳ መዝና በአንድ ኪሎ ውሃ አፈላች። ሹሙ ቀመሰና "ይሻላል፤ ግን ገና ነው" አለ። እሷ እሳቱንም ውሃውንም ሳትነካ ቁሉን ብቻ ሰባ አደረገችው። ሹሙ ስኒውን አጋምሶ፣ "ፍቱት" አለ።

አብረው ወደ ቤት አቀኑ። መንገድ ላይ ዑስማን፣ "ሦስት ቀን ሙሉ በአላህ ማልሁላቸው" አላት። "ሚዛኑን ግን ባንድ ጊዜ አመኑት።"

"እርስዎ እንኳን ወጡልኝ እንጂ፣ እነሱ የሰው ነገር መች ያውቃሉ!" አለችው።

ቆመና አያት። "አንቺስ? ሳትመዝኚ በፊት አምነሽኝ ነበር?"

"ቀድሜው መራመድ ጀመርሁ" አለችኝ አክስቴ፣ እንባዋ እየወረደ። "ሃያ ዓመት አብረን ኖርን፤ ዳግመኛ አልጠየቀኝም።"