ውጅግራው ላይ ጉንጩን የሚያሳርፍ ማነው?

ሸዋነሽን አሶሳ ገበያ የማያውቃት የለም። በሰባ ሰባት ከወሎ ሰፋሪ ሆና መጥታ፣ ሁለት ዓመት ወባ ሲያንዘፈዝፋት ከርማ፣ ከዚያ ብድግ ብላ ቅቤ ነጋዴ የሆነች ሴት ናት። የቅሉ ክዳን ሳይከፈት ታሸታለች። «ይሄ ወር አልፎታል፣ ሙዝም ደብልቀህበታል፣ ወዲያ አንሳልኝ!» ስትል ሻጩ ቅሉን አቅፎ እልም ነው።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት ከዚያ ጠመንጃ ጋር አንድ ቤት የተኛችው።

ጠመንጃው የባሏ የደባልቄ አባት ውጅግራ ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ወንድሙ ከወሎ ድረስ በሰሌን ጠቅልሎ አመጣለት። ደባልቄ ደስ ብሎት ከራስጌው ሰቀለው፤ እንዳይዝግ ብሎ ደግሞ ቅቤ ቀባው። ቅቤ! ያውም እሷ ለሽያጭ አይሆንም ብላ የጣለችውን። ሳምንት ሳይሞላ ሸተተ። ዝንቡ መጣ፣ በረሮው መጣ፣ አቧራው ላዩ ላይ ጋገረ። ሸዋነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የሞተ አይጥ ከራሴ ላይ አንሳልኝ።»

«የአባቴን ብረት ነው አይጥ የምትዪው?»

«አይጥስ ቢሆን ይቀበራል።»

ያም ሆኖ ታግሳ ነበር። የተዝካሩ ነገር ሲመጣ ግን ትዕግስቷ አለቀ። ባገራቸው ደንብ የሟች የበኩር ልጅ በተዝካሩ ቀን በአባቱ ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። ሳይተኮስ የቀረ እንደሆነ ዘመዱ «ልጅ አልወለደም» እያለ እስከ ዓመቱ ያማል። ደባልቄም ብረቱን ተሸክሞ ወደ ሙሉጌታ ሄደ።

ሙሉጌታ በር በያጅ ነው። በርና መስኮት ይበይዳል፣ አልጋ ይቀጥላል፣ የወፍጮ ቤት ጥርስም እሱ ነው የሚጠግነው። ክልል ከሆንን ወዲህ ቢሮ በየቦታው ሲከፈት የበሩ ሥራ ሁሉ የሱ ሆኖ ሆዱ ከቀበቶው አልፏል። የጠመንጃውን መቀርቀሪያ አየና «እጀታው ሥሩ ላይ ትንሽ ላልቷል» ብሎ በጋዝ በየደው። አፈሙዙን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ውሃ ሞላበት። «ጠብ አላለም! ይሄ ብረት እኔንም አንተንም ይቀብራል!» አለ። ጥይቱንም እሱ ነው ያሰናዳው፤ ከክላሽ ጥይት ባሩድ እያራገፈ በድሮው ቀለህ ውስጥ ሞላው። ይሄን ሁሉ የነገራት ራሱ ደባልቄ ነው፣ እየተኩራራ።

ሸዋነሽ ይሄን ስትሰማ ብረቱን የምታስጥልበት ዘዴ መፈለግ ጀመረች። ደግነቱ ቀበሌው ያን ሰሞን መሣሪያ ይመዘግብ ነበር። ጸሐፊው «የውርስ ብረት ከሆነ መጀመሪያ ሃምሳ አለቃ ሁንዴሳ ይየው» ብሎ መለሳቸው። ሸዋነሽም ባሏን እየነዳች ፖሊስ መሣሪያ ቤት ወሰደችው።

ሁንዴሳ የወለጋ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር እንኳ እድፍ የለም። ሰሌኑ ሲፈታ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ።

«አቦ! ይሄ ምንድነው? ጠመንጃ ነው ወይስ ቋንጣ?»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው ሃምሳ አለቃ!» አለች ሸዋነሽ።

መጀመሪያ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቀርቀሪያውን ከፍቶ፣ ጥይት እንደሌለበት በዓይኑም በጣቱም አረጋገጠ። ከዚያ ዘንግ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በኋላ በኩል ከተተ። መሀል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ገፋው፣ ገፋው፤ በአፈሙዙ በኩል ምኑም የማይታወቅ ጥቁር ነገር ጥርቅ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። የተርብ ጭቃ፣ የደረቀ ቅቤ፣ በውስጡ የረገፈ ክንፍና የትል ቆዳ። ደባልቄ ራሱ አፍንጫውን ያዘ።

«ይሄ ተወትፎበት ነው ልትተኩስ የነበረው» አለ ሁንዴሳ። «እርሳሱ ሲሄድ እዚህ ላይ ይጋጫል፣ የኋላው ጉልበት መውጫ ያጣል፣ ቧንቧው ይፈነዳል። ደግሞ ከዚህ በፊት አንዴ እንዲሁ ተወትፎ ተተኩሶበታል፣ ሳይፈነዳ አብጦ ነው የቀረው፤ እጅህን አምጣ።»

የደባልቄን ጣት ይዞ በብረቱ ላይ አስኬደው። መሀል ላይ እንደ ቀለበት ያበጠ ቦታ አለ። ሁንዴሳ ውስጡን ጠራርጎ በብርሃን አሳየው፤ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተቦርቡሯል፣ ዝገት በልቶታል።

«ውሃ ሞልቶበት አላፈሰሰም እኮ» አለ ደባልቄ።

«ውሃ ምን ይገፋል? ባሩድ ነው የሚገፋው።»

መቀርቀሪያውን በላምባ አራሰው፣ ቆየት ብሎ ጥርግ አድርጎ አደረቀው፣ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰበት። ሦስቱም አጎንብሰው ጠበቁ። ከብየዳው አጠገብ፣ እጀታው ሥር፣ ፀጉር የመሰለች ጥቁር መስመር ነጩን ዱቄት እያራሰች ብቅ አለች።

«ስንጥቅ ነው። ውስጡ የገባው ላምባ ነው ተመልሶ የሚወጣው። የዚህ ጠመንጃ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው፣ ሌላ የሚይዘው የለውም። ሰውየው በእሳት ሲበይደው ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ገደለው። ይሄ ከተሰበረ መቀርቀሪያው የት ይሄዳል መሰለህ? ዓይንህ ውስጥ።»

ከጥይቱ አንዱን ፈትቶ ወረቀት ላይ ገለበጠ። «ይሄ ደግሞ የክላሽ ባሩድ ነው። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዚህን ጉልበት አዲስ ሆኖ እንኳ አይችለውም።»

«አባቴ ስንት ጊዜ ተኩሶበታል!»

«መጨረሻ የተኮሱት መቼ ነው?»

«በጃንሆይ ጊዜ» አለች ሸዋነሽ በሱ ፈንታ።

«መቀርቀሪያውን እዚህ ተውልኝ፣ ብረቱን ለመታሰቢያ ስቀለው። እኔን ካላመንክ ሌላ የመሣሪያ ባለሙያ ጋ ውሰደው፤ በር በያጅ ጋ ግን አትሂድ።»

ደባልቄ ግን ፊቱ ቀላ። ጠቅልሎ ይዞት ወጣ። መንገዱን ሙሉ «ሃምሳ አለቃው ቀንቶ ነው» ይላል። ሸዋነሽ የሰው ልጅ ለዘመድ ሐሜት ብሎ ዓይኑን ሲሸጥ እያየች ምራቋን ዋጥ ብቻ።

የተዝካሩ ዕለት ዳሱ ሞላ። ወንድሙ ከወሎ መጥቷል፣ ሽማግሌው ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጧል። ሙሉጌታ ከፊት ሆኖ አፉ በስብ እያበራ «አያ ደባልቄ፣ በል እንጂ! ወይስ ፖሊሱ አስፈራራህ?» ይላል። ሰው ሳቀ። ደባልቄ ውጅግራውን ይዞ ብድግ አለ፣ ጥይት አጎረሰ።

ሸዋነሽ መሀል ገባች።

«ቆይ፣ ቆይ! የጠገነው እያለ? ሙሉጌታ፣ ና የመጀመሪያዋን አንተ አሰማልን። የእጅህ ሥራ አይደለም? ና ጉንጭህን አሳርፍበት!»

«እኔማ... ደንቡ የልጅ ነው እንጂ...»

«ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ልጁ ይተኩሳል። ሽማግሎች፣ ጠጋኝ ቢያስጀምር ነውር አለው?»

«የለውም» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ዓይኔን ሰሞኑን አሞኛል» አለ ሙሉጌታ።

«ተዘግቶም ይተኮሳል፣ ሰማይ አይሳትም!»

«ትከሻዬም...» ወደ ኋላ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ እያለ ከዳሱ ምሰሶ ጀርባ ገባ። ያ ሁሉ ሆድ በአንዲት ምሰሶ ሊሸፈን!

ደባልቄ አየው። ከዚያ ጥይቱን ቀስ ብሎ አወጣ፣ መቀርቀሪያውን ነቅሎ ለሸዋነሽ ሰጣት። «ለሃምሳ አለቃ አድርሺልኝ» አላት። ወንድሙም ተነስቶ በራሱ ክላሽ፣ ሰው ከሌለበት አቅጣጫ፣ ሦስት ጊዜ አሰማ። ሴቶቹ ለቅሶውን ቀጠሉ።

ሸዋነሽ መቀርቀሪያውን በጨርቅ ጠቅልላ ዞር ስትል ሙሉጌታ ከምሰሶው ጀርባ ወጥቶ ቦታው ተቀምጧል። የጎድን አጥንት ይዞ ይግጣል፣ ሲጨርስ ጣቱን አንድ በአንድ ይልሳል።

«እትዬ ሸዋነሽ፣ ትንሽ ወጥ ጨምሪልኝማ» አላት።

ጨመረችለት። ተዝካር ነው፣ አይከለከልም። በዚያ ማማሰያ ግን ለሌላ ሰው አልቀዳችም፤ ወስዳ በአመድ አጠበችው።