የሱቃችን ግምገማ

ጭሮ ከተማ ከባለቤቴ ጋር የቤት ዕቃ ሱቅ ነበረን። ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ፔርሙስ፣ ብርድ ልብስ፣ በገመድ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ጫማ እንሸጥ ነበር። ሻጫችን የበደሳ አካባቢ ልጅ ናት፤ ባሏን ፈታ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። ከገጠር ለሚመጡት በኦሮምኛ፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ በአማርኛ ትሸጣለች። እኔም ሁለቱን ቋንቋ እችላለሁ፤ እንደ እሷ ግን ሰው አላግባባም።

ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን መግባት በጀመረበት ሰሞን ደሞዝ እንዲጨመርላት ጠየቀችኝ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው፣ ጭማሪው ይቅርና እኔ እሷን ላሰናብት እያሰብኩ ነው አለኝ። ለምን ስለው፣ ገበያተኛ ሴቶች ጆሮ ላይ የሆነ ነገር ሹክ ትላቸዋለች፣ እነሱም ሳይገዙ ወጥተው ቀጥ ብለው ፊት ለፊታችን ወዳለው ሱቅ ይገባሉ አለ። ባለሱቁ የሆነ ነገር በእጇ ሳያስጨብጣት አይቀርም ባይ ነው። የዕለት ሽያጯ አንድም ቀን ጎድሎ እንደማያውቅ ባስታውሰው፣ «እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ» አለ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ከአፉ አይጠፋም ነበር።

እኔ ባላምነውም፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን እንደ ወትሮው ማየት አቃተኝ።

ከቸርች የማውቃት፣ በዞኑ መሥሪያ ቤት በሠራተኛ አስተዳደር የምትሠራ ጓደኛ ነበረችኝ። አማከርኳት። ለአንድ ሻጭ ብዙ ወረቀት አያስፈልግሽም፣ አለችኝ፤ በዓይንሽ ልታዪያቸው የምትችያቸውን ጥቂት ነገሮች ምረጪ፣ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ የተወሰነ ጊዜ ተመልከች፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እኔም በሰዓቷ መግባቷን፣ ደንበኛ አያያዟን፣ የዕቃ አያያዟን፣ ደግሞም ያለቀ ወይም ሊያልቅ የደረሰ ዕቃ መናገሯን መረጥኩ። ባለቤቴ «ታማኝነት» ይጨመር አለ። ይህንን ለጓደኛዬ ስነግራት ሳቀች። ታማኝነት በዓይን አይታይም፣ የሚታየው የምታደርገው ነው፤ ከሰማሽው ይልቅ ያየሽውን ያዢ አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለሻጫችን ነገርኳት። ይህን ወር ሥራሽን እናያለን፣ ከዚያ ስለ ደሞዙ እንነጋገራለን አልኳት። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ነገር ግን ሳላስበው «ግምገማ» የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ። አቧራ የምታራግፍበትን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ማነው የከሰሰኝ?» አለች።

ማንም አልከሰሰሽም አልኳት። አላመነችኝም። ወንድሟ የመንግሥት ቢሮ ይሠራ ነበር፤ በግምገማ ቀን ጓደኞቹ ተነስተው የተናገሩበትንና ከሥራ የወጣበትን ነገር በከተማው የማያውቅ አልነበረም። ለእሷ ቃሉ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር መጫወት ተወች። የምጠይቃትን ብቻ ትመልሳለች።

ያ ወር ለሁላችንም መጥፎ ወር ነበር። እኔ በርጩማ ስቤ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራለች። ሰው ሲጠብቁት ደግሞ የማያጠራጥር ነገር የለም። ስትስቅ «ምን አሳቃት?»፣ ስትቸኩል «ወዴት ልትሄድ ነው?» እላለሁ። ነገር ግን በሰዓቷ ትገባለች፣ ዕቃው አቧራ አይነካውም፣ የሚሰበር ነገር ከላይ አይደረደርም። ከመቻራ ቡና ሸጠው የመጡ ሽማግሌ ብርድ ልብሱን ሁሉ አስገልጠዋት ሳይገዙ ሲወጡ እንኳ ፊቷን አላጠቆረችም።

ሹክሹክታውን ግን አየሁት። በገበያ ቀን ነው። አንዲት ሴት አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ እሷ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችላት፣ ሴትዮዋ መንገዱን ተሻግራ ፊት ለፊት ገባች። ለባለቤቴ ስነግረው፣ ሻጫችን የማታውቃትን እህቱን ገዢ አስመስሎ ላካት፤ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ጠይቂ ብሎ። ተመልሳ፣ ጣቷን ቀስራ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ አሳየችኝ አለች። ባለቤቴ እንዳሸነፈ ሰው ሆነ። ዛሬውኑ ትሂድ አለ። እኔ ግን ወሩ ሳያልቅ፣ እሷም ሳትጠየቅ አይሆንም አልኩ።

አርብ ቀን፣ ወንዶቹ ጁምዓ ሄደው መንገዱ ጭር ሲል፣ በሩን ገርበብ አድርገን ሦስታችን ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ተቀመጥን። ጓደኛዬ መጀመሪያ እሷ ስለ ራሷ ትናገር ስላለችኝ እሷን በማናገር ጀመርኩ። በሰዓቴ እገባለሁ፣ ዕቃ አላበላሽም አለች። ልክ ነው አልኩ፣ ያየሁትንም ነገርኳት፤ የሽማግሌውን ነገር ሳነሳ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ገዢ ለምን ወደ ፊት ለፊት እንደምትልክ ጠየቅኳት።

«ትልቅ ማንቆርቆሪያ የለንም፣ እትዬ። የሠርግ ትሪም የለንም። የለም ብዬ ዝም ብል ሴትዮዋ ሁለተኛ አትመጣም። የት እንዳለ ከነገርኳት ብርድ ልብስ ሲያስፈልጋት እኔኑ ታስታውሳለች። ባለሱቁም እሱ ጋ የሌለ ዕቃ የሚፈልጉትን ወደኛ ይልካል።»

«ለምን በሹክሹክታ?» አለ ባለቤቴ።

«እርስዎ እንዳይሰሙ ነዋ፣ ጋሼ።»

ባለቤቴ ባለሱቁ ምን እንደሚሰጣት ጠየቃት። ሻይ እንኳ ጋብዞኝ አያውቅም አለች። እኔ ደግሞ ዕቃው እንደሌለ ለምን አልነገርሽንም አልኳት። ወደ እኔ ሳታይ፣ ማንቆርቆሪያ ይጠየቃል ብዬ ለጋሼ ነግሬ ነበር፣ «ሱቁ ያንቺ ነው ወይ?» አሉኝ አለች። ባለቤቴ አላስታውስም አለ። እኔ አስታወስኩ፤ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ።

ቢሆንም አላለፍኳትም። በሦስቱ ነገር ጎበዝ ነሽ፣ በአራተኛው ግን ደክመሻል፤ እሱ ቢቆጣሽ ለእኔ መንገር ነበረብሽ አልኳት። ፊቷ ቀላ፣ ግን አልተከራከረችም። በየገበያው ቀን ማምሻ ሰው ጠይቆ ያጣውን ዕቃ ለእኔ እንድትነግረኝ ተስማማን። ከጠየቀችው ጭማሪ ግማሹን አሁን፣ የቀረውን ይህ መስተካከሉን ካየን በኋላ እንሰጥሻለን አልኳት።

«እሺ» አለችና ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ፣ «ጋሼንስ ማን ይገመግማቸዋል?» አለች።

ቃሏን ጠበቀች። ማንቆርቆሪያና ትሪ አስመጣን፤ የሠርግ ወቅት ሲደርስ እየተሻሙ ወሰዱት። የቀረውንም ጭማሪ ሰጠናት። እኔ ግን ጥርጣሬው አንዴ ገብቶብኝ ነበርና ሌላ ምክንያት ፈጥሬ የፊት ለፊቱን ባለሱቅ ጠየቅኩት። እውነት ነው፣ እኔም ወደናንተ እልካለሁ አለ። ጥያቄዬን ሳያመነታ መመለሱ ራሱ ደስ አላለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራዋን ለቃ በደሳ የራሷን ሱቅ ልትከፍት ተነሳች። የመጀመሪያውን ዕቃ በዱቤ የሰጣት ያው የፊት ለፊቱ ባለሱቅ መሆኑን ሰማን። ባለቤቴ «አላልኩሽም?» አለኝ። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ሳልደብቅ ጠየቅኳት፤ ከባለሱቁ ጋር ድሮም ስምምነት ነበራችሁ ወይ አልኳት።

«እትዬ፣ ዱቤውን እናንተን ብጠይቅ ትሰጡኝ ነበር?» አለችኝ።

ሳመችኝና ሄደች። እኔ አሁንም በሁለቱ መካከል የነበረውን አላውቅም፤ ባለቤቴ ያውቃል፣ ወይም እንደሚያውቅ ይናገራል።