ዘጠኝ ዘመድ የለውም

ዓለምዘውድን የማያውቅ የቡታጅራ ተማሪ ካለ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ከአስፓልቱ በታች ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ርዕሰ መምህራን መጥተው ሄደዋል፣ ጣሪያው ሁለቴ ተቀይሯል፣ እሷ ግን ያችው መነጽር፣ ያችው እርሳስ። ትውልዷ ጎጃም ነው። ጉራጊኛውን ከገበያ ለምዳው አሁን ስትናደድ የሚቀድማት እሱ ነው። መናደድም አይከብዳትም፤ ወዲያው መሳቅም አይከብዳትም።

ተማሪዎች የሚፈሯት በቁጣዋ አይደለም፣ በእርሳሷ ነው። ማንኛውም ሮስተር፣ የተማሪዎች ውጤትና ድምር የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ፣ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ለፊርማ ከመቅረቡ በፊት በሷ ጠረጴዛ ያልፋል። ስልክ አታነሳም፣ ካልኩሌተር አትጠይቅም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በረድፉ ላይ ትሄድና ወይ "ይለፍ" ትላለች፣ ወይ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። እርሳሱ ከተቀመጠ መምህሩ ቁርሱን ረስቶ እንደገና መደመር አለበት።

ይህን ጥበብ ያስተማራት ከእሷ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረው፣ ከድሮ የሚባለው ሽማግሌ ነው፤ አፈሩን ያቅልለት። ተራ ነገር ነበር ያላት። በረድፉ ያሉትን ውጤቶች አሃዝ በአሃዝ ደምሪ፤ ዘጠኝ በሞላ ቁጥር ጣይው፤ የተረፈውን ያዢ። ከዚያ የጥቅል ድምሩንም አሃዞች እንዲሁ አድርጊ። ሁለቱ ትራፊዎች ካልተስማሙ ድምሩ ተሳስቷል፣ ክርክር የለውም። ከተስማሙ ግን "ደህና ይመስላል" በይ እንጂ አትማዪ። ዘጠኝ ዘመድ የለውም፣ ይላት ነበር ከድሮ፤ ለሀብታም ልጅም ለድሃ ልጅም እኩል ይወድቃል።

ዘንድሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ ግን ዓለምዘውድ ራሷ ዘመድ ሊኖራት ምንም አልቀራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ከአሥረኛ ክፍል አንደኛ ለሚወጣ አንድ ተማሪ፣ ለአንድ ብቻ፣ ሙሉ ወጪው ተችሎ በአዳሪ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን እንዲማር ቃል ገብተዋል። ባሂራ የምትባል የመስቃን በርበሬ ገበሬ ልጅ ይህንን ቦታ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመኘው ኖራለች። በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ መጥታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ትመለሳለች። አባቷ በርበሬው ደህና ከያዘ እስከ አሥረኛ፣ ከዚያ በኋላ አላህ ያውቃል ብሎ በግልጽ ነግሯታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያለው ያ ስለሆነ ነው።

ሮስተሩ ከመጽደቁ በፊት ወሬው ወጣ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ይድነቃቸው ጥሩ ልጅ ነው፣ ምላሱ ግን በር የለውም። አንደኛ ዑመይር በ911፣ ሁለተኛ ባሂራ በ905። በስድስት ነጥብ። በማግስቱ ጠዋት ባሂራ በሪከርዱ ክፍል ፊት ለፊት ካለው የግራቪሊያ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሽፋኑን በጣቷ ትፍቃለች። ዓለምዘውድ በመስኮት አይታት ሥራዋን ትታ ቆመች፤ ለሌላ ሰው ልጅ እንዲህ መሆኗም አናደዳት።

ይድነቃቸው ሮስተሩን ይዞ ሲገባ ሦስት ሰዓት አልሞላም። ኮምፒዩተሩ ከተበላሸ ሁለት ወር ስላለፈው ሁሉም በእጅ የተሠራ ነው፤ አንዱ መምህር ያነባል፣ አንዱ በስልኩ ይደምራል። ርዕሰ መምህሩ እስከ ስድስት ሰዓት ፈርሞ የአንደኛውን ስም ለማኅበሩ ሰው ሊሰጥ ነው፤ ሰውየው መኪናውን አስነስቶ ሊሄድ ተዘጋጅቷል።

ስሞቹ የተጻፉት በፊደል ተራ ቢሆንም ዓለምዘውድ እንደ ልማዷ በውጤት ከላይኞቹ ጀመረች። ዑመይር፦ ከአሥሩ ውጤቶች ዘጠኞቹን ስትጥል ሁለት ተረፈ። 911ን ስታይ ዘጠኙን ጣለች፣ አንድና አንድ ሁለት። ተስማሙ። ባሂራ፦ አምስት ተረፈ፤ 905ም አምስት። ሦስተኛውም ልክ።

እውነቱን ለመናገር እርሳሷ እንዲቀመጥ ተመኝታ ነበር። ለደቂቃ ያህል፣ ዑመይር ላይ አንድ ስሕተት ባገኝ ብላ ሁለተኛ ጊዜ ሄደችበት። ሁለት፣ ሁለት። አፈረች። ዘጠኝ ዘመድ የለውም እያለች ሃያ ዘጠኝ ዓመት መምህራን ስታሸማቅቅ ኖራ፣ ዛሬ ራሷ ዘመድ ልትፈልግለት።

ይድነቃቸው እጁን ለሮስተሩ ዘረጋ። "እትዬ፣ ላይኞቹ ካለፉ ሌላው ምን ያደርጋል? ጥንቆላው ይብቃን" አለ እየሳቀ።

ሽማግሌው ከድሮ ግን አንድ ሌላ ነገርም አስለምዷታል፤ ራሱን አይተሽ ጭራውን ሳታዪ አትነሺ። ገጹን ገልብጣ የመጨረሻውን ረድፍ አየች። በተራ ቁጥር ሃምሳ ስድስተኛው ፈቃደ የሚባል ልጅ ነው። 71፣ ስምንት። 68፣ አምስት፤ አሥራ ሦስት ሆነ፣ ዘጠኙ ሲወድቅ አራት። 80፣ አሥራ ሁለት፣ ሦስት። እንዲህ እያለች የመጨረሻው 70 ላይ ስትደርስ በእጇ አራት ቀረ። ጥቅል ድምሩ 757 ይላል፤ እሱ ደግሞ አንድ ነው የሚተወው።

እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

ይድነቃቸው ሳቁ ቆመ። ስልኩን አውጥቶ ደመረ። 742። ጥሎበት ሰው ይሳሳታል፣ አንድ ረድፍ ነው፣ ላስተካክለው አለ። እሷ አልሰማችውም፤ ወደ ላይ እየወጣች ነበር። ፈቃደ ላይ የድምሩ ትራፊ ከሚገባው በስድስት በልጧል፣ አራትና ስድስት አሥር፣ ዘጠኙ ሲወድቅ አንድ፤ ከሱ በላይ ያለው በአምስት፤ ከዚያ በላይ ያለችው በሰባት፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደገና በስድስት። ሁለተኛው ገጽ ከሞላ ጎደል በሙሉ ታሞ ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ ደግሞ እንከን የለውም። አንድ ሰው ሃያ ምናምን ጊዜ በአጋጣሚ አይሳሳትም፤ ይህ አንድ ስሕተት ነው፣ ሃያ ምናምን ልብስ የለበሰ።

ገጹን የተካፈሉት እንዴት እንደነበር ጠየቀችው። የመጀመሪያውን ገጽ ያነበበው ነባር መምህር ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን እሱ ስብሰባ ስለነበረበት ሁለተኛውን ዘንድሮ የተቀጠረው ሙስተፋ አነበበ። ሙስተፋ ተጠርቶ መጣ፤ ጥንቁቅ፣ ትሑት፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ልጅ። እንዴት እንዳነበብክ አንብብልኝ አለችው። እሱም ጣቱን ረድፉ ላይ አድርጎ ምንም ሳያስቀር ጀመረ፦

"ፈቃደ፣ ወንድ፣ አሥራ አምስት፣ ሰባ አንድ፣ ስልሳ ስምንት..."

ዓለምዘውድ ጮኸች ማለት ይቻላል። ዕድሜ! ሮስተሩ ላይ ከስምና ከጾታ ቀጥሎ የተማሪው ዕድሜ የሚጻፍበት ዓምድ አለ። ነባሩ መምህር ዘሎት ነው የሚያነበው። ሙስተፋ በትጋቱ አንድም ነገር አልዘለለም፤ ይድነቃቸው ደግሞ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ የሰማውን ቁጥር ሁሉ ደመረ። አሥራ አምስት፣ አንድና አምስት ስድስት። አሥራ አራት፣ አምስት። አሥራ ስድስት፣ ሰባት። ትርፎቹ ሁሉ ቤታቸውን አገኙ።

ከዚያ ድንገት ገጹን ወደ ላይ ቃኘች። ዑመይርም ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። እሱ ግን የዘጠኙን ፈተና አልፏል፣ ሁለት ጊዜ። ጣቷ በረድፉ ወደ ግራ ተሳበ፤ ዕድሜ፣ አሥራ ስምንት። አንድና ስምንት ዘጠኝ። የሚጣለው ዘጠኝ! አሥራ ስምንት ቢጨመርም ትራፊው ፍንክች አይልም፤ ሌባው የገባው ዘበኛው በማያየው በር ነው። አትማዪ ያላት ሰውዬ ለዚህ ነበር ለካ። በረድፉ ላይ እርሳሷን ይዛ እንደ ማንም ሰው አሥሩን ውጤት አንድ በአንድ ደመረች።

893።

ይድነቃቸው በስልኩ ደገመው። 893። ሙስተፋ ግድግዳውን ተደግፎ ላብ በላብ ሆነ፣ ሥራዬ አለቀ ብሎ። ዓለምዘውድ ግን ደስታዋን የምትይዝበት አጥታ ትከሻውን በጥፊ መታችውና፣ እንዳንተ ጠንቅቆ የሚያነብ ሰው ካሁን በኋላ እኔ ጋ ብቻ ነው የሚያነበው አለችው። ሁለቱን መምህራን ያንን ገጽ ዳግም እንዲደምሩ አስቀምጣቸው፣ ርዕሰ መምህሩ ብዕሩን እንዲያስቀምጥ መልእክት ላከች፣ ሁለቱንም ልጆች አስጠራች።

ለዑመይር መንገሩ ነበር የከበዳት። አዲስ አበባ አጎቱ ሱቅ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ ትምህርት የተመለሰ፣ ከክፍሉ ሁሉ ትልቁ ልጅ ነው። ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነገረችው፣ ረድፉንም አሳየችው። ዑመይር ቁጥሩን አየ፣ ዕድሜውን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ።

"እኔ አይደለሁማ አንደኛ የወጣሁት፣ ዕድሜዬ ነው" አለ። ማታ ለጓደኞቹ ለስላሳ የጋበዘበት ብቻ እንደሚቆጨውም ተናገረ።

ባሂራ አልሳቀችም። በሩ አጠገብ እንደቆመች ነጠላ ጫማዋን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ ትሰማ ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ስትባል ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለች።

"እትዬ፣ የኔስ? የኔ ዕድሜ አልተጨመረም?"

ይድነቃቸው ያንቺ ገጽ ደህና ነው ሊላት አፉን ሲከፍት ዓለምዘውድ በእጇ አስቆመችው። ልጅቷ ትክክል ናት። ካልጠየቀች ቦታውን ይዛው አትተኛም። ዓለምዘውድ ወንበሯን ለቀቀችላት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልለቀቀችውን ወንበር። እርሳሱንም ሰጠቻት። ዕድሜሽ አሥራ ስድስት ነው፣ እሱ ገብቶ ቢሆን ትራፊው በሰባት ይበልጥ ነበር፣ ራስሽ ፈልጊው አለቻት።

ባሂራ አጎነበሰች። 92፣ ሁለት። 88፣ ሰባት፤ ዘጠኝ ሞላ፣ ወደቀ። 95፣ አምስት። 90፣ ምንም። 87፣ ስድስት፤ አሥራ አንድ፣ ሁለት ቀረ። ድምጿ እየቀነሰ ሄዶ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚያዳምጣት ሆነ፣ ዑመይርም ጭምር። የመጨረሻው 86 ላይ አምስት ቀራት። 905ን አየች። ዘጠኙን ጣለች።

"አምስት" አለች። አሁንም አላመነችም፤ በወረቀት ጥግ ላይ አሥሩን ውጤት ቁልቁል ጽፋ እንደ ማንም ሰው ደመረቻቸው። 905።

እርሳሱን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ስልክ ጠየቀች። ዓለምዘውድ የራሷን ሰጠቻት። አባቷ የበርበሬው ማሳ ውስጥ ስለነበር ብዙ ጠራ፤ ሲያነሳው ሰላምታውንም አላስጨረሰችው።

"አባ፣ እኔ ነኝ። እሄዳለሁ።"