የስለቱ ጥድና የሁለት ሰው ክንድ

ያኔ የወረዳው የግንባታ ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ ትምህርት ከጨረስኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከዘመሮ ወዲያ ካለ ደብር ሰው መጣና "የደጀ ሰላማችን ዓምድ ተሰነጠቀ፣ ናና እይልን" አለኝ። በፈረስ ግማሽ ቀን ሄድን። ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደርሶ ስለነበር መንገዱን ሁሉ አለቃዬን በሆዴ እየረገምኩ ነው የደረስኩት።

የግቢው መግቢያ የሆነው ደጀ ሰላም ሁለት የድንጋይ ዓምዶች አሉት፤ ውፍረታቸው በየጎኑ ስድሳ ሳንቲም ነው። በላያቸው የተጋደመ አንድ ወፍራም ጥድ የደወሉን ሰገነት ተሸክሟል። ጥዱ የስለት ነው። አንድ ሽማግሌ ታመው ሳሉ ለደብሩ ታቦት "ከዳንኩ የጓሮዬን ጥድ ለደጅህ" ብለው ተሳሉ፤ ዳኑና አስቆርጠው ሰጡ። የስለት እንጨት ደግሞ አይቀጠልም፣ በሌላም አይለወጥም። ለንግሡ በዓል የቀረው ሁለት ወር ነበር። ሽማግሌው ዳኑ እንጂ አልበረቱም፤ ምኞታቸው አንድ ጊዜ ከጥዳቸው ሥር ማለፍ ብቻ ነው።

በዓምዶቹ የውጭ ጎን ድንጋይና ድንጋይን ያያያዘው ስሚንቶ አግድም ለቆ ነበር። ግንበኛው ረጅም ቁጡ ሰው ናቸው። "መሬቱ ነው የከዳኝ" ብለው ከውጭ በኩል ድጋፍ ሊገነቡ ድንጋይ ከምረዋል።

መሰላል አስመጥቼ ወጣሁ። ጥዱ ዓምዱን ሙሉ አልሸፈነውም፤ በሁለቱም ጫፍ በውስጥ፣ በመተላለፊያው በኩል አንድ ስንዝር፣ ሃያ ሳንቲም ያህል ብቻ ነው የረገጠው። ጠየቅሁ። ልኩ አሥራ ሁለት ክንድ ተባለ። ዓምዶቹን ግንበኛው በክንዳቸው ለክተው አቆሙ፤ ጥዱን ደግሞ የደብሩ ገበዝ በክንዳቸው ለክተው አስቆረጡ። ገበዙ ቢቆሙ ከግንበኛው ብብት አያልፉም። እኔ ሳቅሁ፣ ሌላ የሳቀ የለም። ስንጥቁን ያመጣው የጥዱ ማጠር ነው አልኳቸው።

"ሸክሙ በውስጥ፣ ስንጥቁ በውጭ!" አሉ ግንበኛው። "ይሄ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?"

ንግግር እንደማያዋጣ ገባኝ። አንድ ባና፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አጣጥፌ ዘረጋሁ፤ በላዩ ቁራጭ እንጨት አቆምኩና በግራና በቀኝ ጠርዙ ሥር ከደብተሬ የቀደድኩትን ወረቀት ሸጎጥኩ። ግንበኛውን "በአውራ ጣትዎ መሐሉን ይጫኑ" አልኳቸው። ቆመው ያዩ የነበሩት ባለስለቱ ሽማግሌ ተጠግተው ሁለቱንም ወረቀት ሳብ ሳብ አደረጉ። "ያዘ" አሉ። የግንበኛውን አውራ ጣት ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጠርዝ አስጠጋሁት። የእንጨቱን ውፍረት ሦስት ቦታ ብንከፍለው፣ ጣቱ ከመካከለኛው ክፍል እስካልወጣ ድረስ ሁለቱም ወረቀት አልለቀቀም። ከዚያ አለፍ ሲል በማዶው ጠርዝ ያለው ሹልክ ብሎ ሽማግሌው እጅ ላይ ቀረ። "ለቀቀ!"

"የእርስዎም ዓምድ እንዲህ ነው የሆነው" አልኩ። "ድንጋይ ቢጫኑት ይችላል፤ ሲጎተት ግን ስሚንቶው ይላቀቃል። አሁን ግማሹ ዓምድ ሥራ ፈትቶ የውስጡ ጠርዝ አራት እጥፍ ተጨንቋል። በውጭ ቢጨምሩበት ደግሞ መሐሉ ከሸክሙ የባሰ ይርቃል።"

"እና?" አሉ።

"ፈርሶ እንደገና ይሠራ።"

በትምህርቴ ኮርቼ ተናገርኩት እንጂ ሽማግሌውን ልብ አላልኳቸውም ነበር። ወረቀቱን እንደያዙ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ፈርሶ እስኪሠራ በዓሉ ያልፋል፤ የዘንድሮው በዓል ካለፈ ለከርሞው መድረሳቸውን እንጃ። አፈርኩ።

ግንበኛው እንጨቷን አገላብጠው አዩ። ኋላ ከሌላ ቁራጭ አንድ ስስ ፍላጭ ፈልጠው፣ አውራ ጣታቸውን ባሳረፉበት ጠርዝ ላይ ለጠፉ፤ በማዶው ሌላ ወረቀት ሸጉጠው እዚያው ቦታ እንደገና ተጫኑ። ወረቀቱ ያዘ።

"ሸክሙ ወደ መሐል ካልመጣ መሐሉን ወደ ሸክሙ ብናመጣውስ?"

እኔ ያልታየኝን! ያን ቀን ደስታዬ ከቅናቴ በለጠ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በውስጥ በኩል ሠላሳ ሳንቲም ቢጨመር ዓምዱ ዘጠና ይሆናል፤ ጥዱ ከረገጠው ስንዝር መሐል የሚወርደው ሸክም ከአዲሱ ጠርዝ አርባ ሳንቲም ላይ ያርፋል። መካከለኛው ክፍል ከሠላሳ እስከ ስድሳ ነው። ሸክሙ ሳይነቃነቅ መሐል ገባ።

ጥዱን በግንድ አስደግፈን ከዓምዶቹ ላይ አነሳነው፤ ስንጥቁም ገጠመ። ግንበኛው መሠረቱን አስፍተው፣ አዲሱን ድንጋይ ከአሮጌው ጋር እያጠላለፉ ገነቡ። እስኪጠነክር ጠብቀን፣ አዲሱን ጠርዝ እንዳይጫን ጥዱን በመካከለኛው ክፍል ባስቀመጥነው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አወረድነው። አንዱን ስንጥቅ ግን ግንበኛው ሳይመርጉ ተዉት። "ሥራችንን ይመስክር" አሉ። ልኩ ሁሉ በእኔ ሜትር ተለካ፤ ገበዙም ግንበኛውም ክንዳቸውን እንዲሰበስቡ ለመንኳቸው። ይህን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

ለንግሡ ሄድኩ። ሽማግሌውን ደግፈው አመጧቸው። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው፤ እሳቸው ግን በሩን ትተው ወደ ዓምዱ የውጭ ጎን ዞሩ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈቱ። የኔው ወረቀት ነበረች። ባልተመረገው ስንጥቅ ሊያስገቧት ሞከሩ፣ እምቢ አለች። ሌላም ቦታ ሞከሩ።

"ያዘ" አሉ፤ ወረቀቷን ለግንበኛው ሰጥተው፣ ድጋፍ ሳይፈልጉ ከጥዳቸው ሥር አለፉ።